የብድር ተመላሹን በየትኛው የወለድ መጠን ላስላው?

በፍኖተ ሰላም የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ያቋቋምነው ፈንድ፣ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ በየዓመቱ መጨረሻ 60,000 ብር ለችግረኛ ተማሪዎች ለዘለቄታው እንዲከፍል እንፈልጋለን። የባንክ ወለዱ 8 በመቶ በነበረ ጊዜ 60,000ን ለ0.08 አካፍለን 750,000 ብር ይበቃል ብለን ነበር። ከዚህ ውስጥ 500,000 ብር በባንክ ተቀምጧል፤ 250,000 ብሩን ደግሞ በቅርቡ ለአንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት በ8 በመቶ ያበደርነው ሲሆን፣ ለ4 ዓመት በየዓመቱ መጨረሻ 75,480 ብር እየከፈሉ ይመልሱታል። እስካሁን የደረሰ ክፍያ የለም።

አሁን ባንኩ ወለዱን ወደ 7 በመቶ ስላወረደ፣ ለዘለቄታው የሚያስፈልገው ገንዘብ 857,143 ብር ሆኗል። የአራቱ ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ በውሉ 8 በመቶ ሲሰላ ያው 250,000 ብር ነው፤ በ7 በመቶ ሲሰላ ግን 75,480 በ3.3872 ተባዝቶ 255,667 ብር ገደማ ይመጣል። ተመላሹ እንደደረሰ ባንክ ስለሚገባ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ገንዘብ ያዣችን ደግሞ ውሉ ያልተለወጠ ብድር ዋጋው ሊጨምር አይችልም ይላሉ። ተበዳሪው በጊዜው እንደሚከፍሉ ብንወስድ፣ ከአባላት የምንሰበስበው ጉድለት 107,143 ብር ነው ወይስ 101,476 ብር?