በዐረብኛ የተጻፈ የስንብት ወረቀት ፎቶ፦ ቃል በቃል ይተርጎም፣ ይፈታታ ወይስ ፍሬ ነገሩ ይበቃል?

የሐይቅ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከሳዑዲ ልትመለስ ስትል አሠሪዋ ያስፈረማት አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ዋናው እዚያው ቀርቷል፤ በእጃችን ያለው በስልክ የተነሳ ፎቶ ብቻ ነው፤ ስሟን ሸፍኜ ከዚህ በታች አያይዤዋለሁ። የአምስት ወር ደመወዝ ሳትቀበል ነው የመጣች። አሁን ወረቀቱን ሦስት ሰው ይፈልገዋል። እናቴ «ምን ይላል?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። እህቴ ምን ላይ እንደፈረመች ማወቅ ትፈልጋለች፤ ዐረብኛ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። ጠበቃም ይዘናል። ደሴ ላይ አንዱ ቃል በቃል እተረጉማለሁ ብሎ ደህና ገንዘብ ጠየቀኝ፤ ሌላው ፍሬ ነገሩን በነጻ ልንገርሽ አለኝ። የቱ ያዋጣናል?

ገራዶ

እህቴ፣ ለክርክር ከሆነ ቃል በቃል ብቻ ነው። ፍሬ ነገር የሚባለው የተርጓሚው አስተያየት ነው፣ ወረቀቱ አይደለም። ፈቃድ ያለው ሰው ተርጉሞ ማህተሙን ያሳርፍበት፤ ከዚያ ለእናትሽም ለእህትሽም ያንኑ አንብቢላቸው። ሦስት ዓይነት ትርጉም ማሠራት ገንዘብ መበተን ነው።

መርጌታ ዘላስታ

በእኛ ቤት ይህ ነገር የቆየ ነው። ነጠላ ትርጉም አለ፣ ቃሉን በቃሉ እየመለሰ የሚሄድ። አንድምታ አለ፣ «አንድም» እያለ የቃሉን ሌላ ፍቺ የሚያመጣ። ተማሪ ነጠላውን ሳይዝ ወደ አንድምታው አይገባም። ልጄ፣ ገጹን ላኪልኝና እኔ አይልሻለሁ፤ ብራና ከሆነ ብርሃኑን ከጎን አድርገሽ አንሺው።

የሐይቅ ልጅ

አባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግዕዝ ሳይሆን ዐረብኛ ነው። የሦስት ዓመት ወረቀት ነው፣ ብራናም አይደለም።

ደረሳው

የዐረብኛ ወረቀት መተርጎም እንጀራዬ ነው፤ ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ከላይ «ሙኻለሳ ኒሃኢያ» ይላል። በእኛ አነጋገር የመጨረሻ ሒሳብ መዝጊያ ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ያመጡልኛል።

ገራዶ ለጠበቃው ያለው ልክ ነው። ያንኑ ለሁሉም አንብቢ ያለው ግን አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ከራሱ ከገጹ ላሳይሽ።

ሦስተኛው መስመር «ኢስተለምቱ ካፈተ ሙስተሐቃቲ» ይላል፤ «የሚገባኝን ሁሉ ተረክቤአለሁ»። ተናጋሪዋ እህትሽ ናት፣ ግሡም ያለፈ ነው። ነጻ እነግርሻለሁ ያለሽ ሰው ይህን «ደመወዟን ስለመክፈል የሚያወራ ወረቀት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ውሸት አልነገረሽም፤ ግን ማን ተናገረ፣ ተከፈለ ወይስ ይከፈላል የሚለው ጠፋ። ጠበቃው የሚሟገተው ደግሞ በዚያው በጠፋው ላይ ነው።

አሁን የቃል በቃሉን ጣጣ ተመልከቺ። ስድስተኛው መስመር «ወኡብሪኡ ዚመተሁ» ይላል። መዝገበ ቃላት ይዞ የሚተረጉም ሰው «ኅሊናውን ነጻ አደርጋለሁ» ብሎ ይጽፈዋል፤ «ዚማ» ኅሊና የሚልም ፍቺ አለውና። እንዲህ ተተርጉሞ ማህተም የተደረገበት ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ። ያነበበ ሁሉ «ይቅር ብዬዋለሁ» ያለች ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግን የተጻፈው ስለ ዕዳ ነው፦ «ከእኔ ዕዳ ነጻ አድርጌዋለሁ»። ወሎ ላይ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም «ሐቄ የለበትም ብላ ፈርማለች» ካልሽው ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ለጠበቃው ቃል በቃል ይሁንና እንዲህ ባለ ቃል ላይ ቁጥር ተደርጎ ከግርጌ በአንድ መስመር ይፈታ። ከሙሉው ገጽ ማስታወሻ የሚያሻው ሦስት ቃል ቢሆን ነው። ሁሉን ቃል የሚያብራራ ተርጓሚ ካገኘሽ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ የራሱን ክርክር እያስገባ ነው። የመርጌታ «አንድም» ለዚህችው ለዚማ ትመጣለች፣ ከዚያ ወዲያ ትቅር።

ኮምቦልቻ 11

እኔ ደግሞ ፍሬ ነገር ያቃጠለኝ ሰው ነኝ። አባቴ ከሆስፒታል ሲወጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ገጽ ሰጡት። የጎረቤት ልጅ ፎቶውን አይቶ «አዲስ የግፊት መድኃኒት ታዞልሃል፣ ጠዋት ጠዋት ውሰድ» አለው። ወረቀቱ ላይ ግን ከሥር «የድሮው ይቁም» የሚል አንድ መስመር ነበረ። ሁለቱንም ሲውጥ ሰንብቶ ራሱን አዙሮት ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ፍሬ ነገር የሚባል አልሰማም።

ደረሳው

አላህ ያሽረው። የመድኃኒት ወረቀት ግን ለብቻው ነው፤ ስሙ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ የሚቆመው፣ አንዱም አይጨመቅም። የታሪኩን ክፍል ማሳጠር ይቻላል፤ ትእዛዙን አይቻልም።

ወደ ሐይቋ ልጅ ልመለስ። እህትሽ ዐረብኛ ትሰማለች፣ አታነብም ብለሻል። ለእሷ የአማርኛው ትርጉም ብቻውን አይበቃትም። እያንዳንዱ መስመር በግዕዝ ፊደል ድምፁ ይጻፍላት፣ ከሥሩ አማርኛው ይምጣ። ከዚያ ዐረብኛውን ቀስ ብለሽ አንብቢላት። የቤት ዐረብኛና የወረቀት ዐረብኛ ቢለያይም «ሙስተሐቃቲ» ስትሰማ ታውቀዋለች። ይህን የምለው ለትምህርት አይደለም። ሲያስፈርሟት «የትኬት ወረቀት ነው» ብለዋት ከሆነ፣ የሰማችውንና የተጻፈውን መስመር በመስመር ማስተያየት የምትችለው እንዲህ ሲሆን ነው። ያለችውን በየመስመሩ ጎን ጻፊው፤ ጠበቃው ይፈልገዋል። ከትርጉሙ ጋር ግን እንዳይቀላቀል፤ ትርጉሙ የወረቀቱ ቃል ነው፣ ያ የእሷ ቃል ነው።

ለእናትሽ ሦስት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፦ «ወረቀቱ ሒሳቧን ሁሉ እንደተቀበለች ያስመስላል። እሷ አልተቀበልኩም ትላለች። ጠበቃው እያየው ነው።» ግን መጨረሻ ላይ ጻፊው፣ ከተተረጎመው ላይ ተነስተሽ። ከፎቶው በቀጥታ የሚጨመቅ ነገር እንደ ኮምቦልቻው ወንድማችን መስመር ይጥላል።

አንድ ትልቅ ነገር ቀረኝ። ፎቶው ቀኝ ዳሩ ላይ የሰው ጣት ሸፍኖታል። ዐረብኛ የሚጀምረው ከቀኝ ነው፤ የተሸፈነው የመስመሩ መጀመሪያ ነው ማለት ነው። አምስተኛው መስመር አሁን የሚነበበው «የሒቁ ሊ ሙጣለበቱሁ» ተብሎ ነው፤ «እሱን የመጠየቅ መብት አለኝ»። በእንዲህ ያለ ወረቀት ግን ከፊቱ «ወላ» እንዳለ እገምታለሁ፤ ያኔ «መብት የለኝም» ይሆናል። በሁለት ፊደል ነገሩ ተገለበጠ። ተርጓሚው እዚህ ላይ «መጀመሪያው አይነበብም» ብሎ መጻፍ አለበት፤ ለእህትሽ አዝኖ «አለኝ» ማለትም፣ በልምድ «የለኝም» ማለትም የለበትም።

ገራዶ

በዚህስ አልስማማም። ለእኛ የሚጠቅመው በፎቶው የሚታየው ነው። «መብት አለኝ» ይላል፣ እሱኑ ይተርጉም። ሌላኛው ወገን ዋናውን ያምጣ።

ደረሳው

ዋናው በእነሱ እጅ ነው ወንድሜ፣ ያመጡታል። ያን ቀን የተርጓሚው ማህተም ያለበት ሌላውም መስመር አብሮ ይወድቃል።

የሐይቅ ልጅ

ፎቶውን የላከችልኝ በቴሌግራም ነው፤ ዋናው ፎቶ በድሮ ስልኳ ላይ አለ። ደግሞ ገንዘቡን ለማንበብ ሞክሬ 240 መሰለኝ። ሁለቱ አለ፣ ከዚያ የተገለበጠ ሦስት የሚመስል፣ ከዚያ አንድ ነጥብ።

ደረሳው

የተገለበጠ ሦስት የሚመስለው አራት ነው። ነጥቧ ዜሮ ናት። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲልክ ስለሚያሳንሰው ሁለት ነጥብ አንድ ሆና ትታያለች፣ አንዷም ትጠፋለች። ስለዚህ ዋናውን በፋይል መልክ ትላክ፤ ስልኩ ላይ «ፋይል» የሚለውን እንጂ «ፎቶ» የሚለውን አትንኪ። ለማመሳከር ደግሞ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ፈቀጥ» ከሚለው እስከ «ላ ገይር» ያለውን እይ፤ ገንዘቡ እዚያ መሀል በፊደል ይጻፋል። የአንቺ «አልፋን ወአርባዑሚአ» ይላል። 2,400 ሪያል ነው። ቁጥሩና ፊደሉ ቢለያዩ ሁለቱም እንዳለ ይተርጎሙ፣ ተርጓሚው አያስታርቃቸው።

የሐይቅ ልጅ

2,400? በእጇ የገባ አንድ ሪያል የለም፣ ትኬት ብቻ ነው የሰጧት። ዋናው ፎቶ አሁን መጣልኝ፤ ድጋሚ አያይዤዋለሁ። ጣቱ ያው አለ፣ ግን ከጥፍሩ በላይ የሆነ ፊደል ብቅ ብሏል።

ደረሳው

አየሁት። የ«ላ» ጫፍ ናት። «ወ» አትታይም። እኔ ብሆን «‹ላ› የሚመስል ፊደል በከፊል ይታያል፣ ከዚያ በፊት ያለው አይነበብም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ አልፌ አልሄድም።

ቀኑ 12/3/1445 ሂጅራ ነው። ተርጓሚው በሂጅራው እንዳለ ይጻፈው፣ የእኛን ከግርጌ ያስገባ። ወደ መስከረም 16/2016 ይመጣል።

የሐይቅ ልጅ

መውሊድና ደመራ የገጠሙበት ቀን ነው! እናቴ አትረሳውም፣ እህቴ ደውላ ሁላችንን እንኳን አደረሳችሁ ብላናለች። ያኔ ሥራ ላይ ነበረች። የፈረመችው ልትሳፈር ሳምንት ሲቀራት፣ በኅዳር ነው።

ገራዶ

እና ቀኑን ወደ ኋላ ጽፈውታል ማለት ነው?

ደረሳው

ወይ ወደ ኋላ ጽፈውታል፣ ወይ ወረቀቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቆይቷል። ገጹ ይህን አይነግረንም። እታለም፣ የመውሊዱን ነገር በእህትሽ ቃል በኩል ጻፊው፤ የጥሪው መዝገብ ስልኩ ላይ ካለ ሳይጠፋ ፎቶ አንሺው። ጣትሽን ከዳሩ አርቀሽ።