ክሬቲን ጀምሬ ሚዛኑ ጨመረ፤ ስብ ማቃጠያ ክኒን ልግዛ?

የቦርከናው (ኮምቦልቻ)፦ 82 ኪሎ ነበርኩ፤ ለመክሳት ምግብ ቀንሼ ብረት እየሠራሁ ነው። በቀን 5 ግራም ክሬቲን ከጀመርኩ 9 ቀኔ ነው፤ ሚዛኑ 83.4 አለ። ወገቤ ግን ከ96 ወደ 95 ሴንቲ ወርዷል። ላቁመው? ደሴ ላይ ስብ ማቃጠያ ክኒን አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?

ሆጤ፦ ክሬቲን ውሃ ይይዛል ወንድሜ። ለሚከሳ ሰው አይሆንም፤ አቁመው፣ ኪሎህ ይወርዳል።

የጦሳዋ፦ ውሃ መያዙ እውነት ነው፤ አቁም የሚለው ግን አያስኬድም። 1.4 ኪሎ ስብ በ9 ቀን ለመጨመር በየቀኑ ከሚያስፈልግህ በላይ ወደ 1200 ካሎሪ መብላት ነበረብህ። እንደዚያ በልተህ ወገብህ ባልቀነሰ ነበር። ብታቆመው ውሃው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ሚዛኑም ይወርዳል፤ ስቡ ግን እዚያው ነው። ክሬቲን ስብ አያቀልጥም። የሚጠቅምህ ምግብ ስትቀንስ የምታነሳው ክብደት እንዳይወርድ በማገዙ ነው፤ ጡንቻህን የሚያቆይልህም እሱ ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ውሰድ፣ ሰዓቱ ለውጥ የለውም። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ሳትበላ ተመዘን፤ የሳምንቱን አማካይ ያዝ፤ ወገብህን በእምብርትህ ልክ ለካ። የኩላሊት ምርመራ ካለህ ክሬቲን እንደምትወስድ ለሐኪሙ ንገረው፤ ኩላሊትህ ደህና ሆኖም ክሬቲኒን የሚባለው ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል።

ሳላይሽ፦ እኔ ፕሮቲን ፓውደሩን በወተት፣ በሙዝና በማር እየመታሁ ነው የምጠጣው፤ ጥሩ ኪሎ ይጨምራል።

የጦሳዋ፦ ላንተ ልክ ነው፣ መወፈር ከፈለግክ። ጠያቂው ግን በውሃ ይበጥብጠው። አንድ ማንኪያው 24 ግራም ያህል ፕሮቲንና 120 ካሎሪ አለው፤ ምግብ ነው፣ መድኃኒት አይደለም። በ82 ኪሎ በቀን ወደ 130 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሃል፤ በእንቁላል፣ በሥጋና በምስር ከሞላህ ዱቄቱን አትግዛ።

ሆጤ፦ ክኒኑስ? ላብ ያወጣል ይላሉ።

የጦሳዋ፦ ላብ ውሃ ነው። ክኒኑ ውስጥ የሚሠራው በአብዛኛው ካፌይን ነው። ካፌይን የሚያስወጣው ተጨማሪ ካሎሪ በቀን ቢበዛ ሩብ እንጀራ ቢሆን ነው፤ ሰውነት ሲለምደው ደግሞ እሱም ይቀንሳል። ብረት ከማንሳትህ አንድ ሰዓት በፊት አቦል ብትጠጣ የተሻለ ትሠራለህ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን ተወው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲከሳ ብዙ ጡንቻ ያጣል፣ ረሃቡም ይበረታል። የሚያስፈራኝ ያልተጻፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ልብን በመጉዳቱ ከገበያ የወጣው ሲቡትራሚን በማቅጠኛ ክኒኖች ውስጥ ተደብቆ ተደጋግሞ ተገኝቷል።

የቦርከናው፦ ካርቶኑ ላይ “ልዩ ውህድ 900 ሚሊ ግራም” ብቻ ነው ያለው፤ የካፌይኑ መጠን የለም።

የጦሳዋ፦ እንግዲያው አትዋጠው። በላዩ ላይ ቡና ስትጠጣ ስንት እንደወሰድክ የምታውቅበት መንገድ የለህም። ደም ግፊት አለብህ እንዴ?

የቦርከናው፦ ተለክቼ አላውቅም።