ለቤት በጀት ፓይ ቻርት ወይስ ድርብርብ ባር? «ክቡ ያታልላል» በሚለው ላይ የተነሳ ክርክር

ማስታወሻ ያዥ
በአንድ የቤተሰብ ገንዘብ አያያዝ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «የበጀት ድርሻን በፓይ ቻርት የሚያሳይ ሰው አንባቢን ያታልላል፤ ድርብርብ ባር ብቻ ተጠቀሙ» ብሎ ደመደመ። ፓይ ቻርት ያለው ድርሻዎችን በቁራጭ የሚያሳየውን ክብ ነው፤ ድርብርብ ባር ያለው ደግሞ ክፍሎቹ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡበትን ዓምድ። ንግግሩ አናዶኛል። የቤታችን ድርሻ ከመቶ ይህን ይመስላል። አምና ኪራይ 31፣ ምግብ 34፣ ትራንስፖርት 12፣ ትምህርት 9፣ ጤና 5፣ ቁጠባ 9 ነበር። ዘንድሮ ኪራይ 36፣ ምግብ 33፣ ትራንስፖርት 12፣ ትምህርት 8፣ ጤና 5፣ ቁጠባ 6 ሆኗል። እኔና ባለቤቴ አብረን የምናየው ነው። በየትኛው ልሥራው?

ቀጥ ያለ መስመር
አሠልጣኙ ልክ ነው፤ ያታልላል። የሰው ዓይን ማዕዘን መለካት አይችልበትም። ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች የባርን ቁመት ከክብ ማዕዘን የተሻለ እንደሚገምቱ አሳይተዋል። የአምናውን 31 እና 34 በክብ አስቀምጥና የትኛው እንደሚበልጥ ባለቤትህን ጠይቃት። ልዩነቱ አሥራ አንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ማንም በእርግጠኝነት አይመልስም። በባር ላይ ግን ወዲያው ይታያል።

ሠዓሊው
በየትኛው ባር ላይ ነው «ወዲያው» የሚታየው? ጥያቄው ስለ ድርብርብ ባር ነው። በድርብርብ ባር ውስጥ ኪራይ ከ0 ተነስቶ 31 ላይ ያቆማል፤ ምግብ ደግሞ ከ31 ተነስቶ 65 ላይ ያቆማል። አንዱ በሌላው ራስ ላይ ተቀምጦ ሳለ የትኛው እንደሚረዝም በዓይን ለመለየት ሞክር። አንተ የምታወድሰው ጎን ለጎን የቆመውን ተራ ባር ነው፤ የእሱን ክብር ግን ለድርብርቡ ትሰጣለህ። እንዲህ ያለው መቀያየር ነው እኔን የሚያታልለኝ።

ቀጥ ያለ መስመር
ርዝመት ርዝመት ነው። ከየትም ይነሳ፣ ለእኔ ከማዕዘን ይሻላል።

የቆጠራ ሰው
ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችኋል። በ1984ቱ ሙከራ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው በአንድ የጋራ መነሻ ላይ የቆመ ነገር ነው። ከየቦታው የሚነሳ ርዝመት ከእሱ በታች ይመጣል፤ ስህተቱም ይጨምራል። በድርብርብ ባር ውስጥ የጋራ መነሻ ያለው የታችኛው ክፍል ነው። መካከል ያሉት ሁሉ ተንሳፋፊ ናቸው።

በጠያቂው ቁጥር እንየው። የአምናውንና የዘንድሮውን ባር ጎን ለጎን አቁሙ፤ ኪራይ ከታች፣ ምግብ ከላዩ ይሁን። አምና ምግብ ከ31 እስከ 65 ነበር፤ ዘንድሮ ከ36 እስከ 69 ነው። የምግቡ አናት በ4 ከፍ ብሏል። ያየው ሰው ሁሉ «ምግብ ጨምሯል» ይላል። ቁጥሩ ግን ከ34 ወደ 33 ወርዷል። ከፍ ያደረገው ከሥሩ ያለው ኪራይ ነው። ትራንስፖርትም እንዲሁ 12 ላይ ሳይነቃነቅ ቀርቶ ወደ ላይ የተጓዘ ይመስላል። እንግዲህ ማታለል ካላችሁ እዚህም አለ፤ ያውም አቅጣጫውን አዙሮ የሚያሳይ። ክቡ በተመሳሳይ ጥያቄ ላይ የሚሠራው ጥፋት ሌላ ነው፤ የ1 በመቶ ልዩነት 3.6 ዲግሪ ስለሆነ ምንም ለውጥ እንዳልተፈጠረ ያስመስላል።

ይህ ጭቅጭቅ አዲስም አይደለም። ኢልስ የተባለ ተመራማሪ በ1926 ክቡንና የተከፋፈለውን ባር በቀጥታ አወዳድሮ የክቡ አንባቢዎች የተሻለ እንደገመቱ ጽፏል። በዓመቱ ክሮክስተንና ስትራይከር ጉዳዩን እንደገና ፈትሸው ውጤቱ በሚታዩት ድርሻዎች መጠን እንደሚለያይ አገኙ። ወደ መቶ ዓመት ተጠግቶታል፤ አሠልጣኙ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው።

ጥያቄ አለኝ
እኔ ያልገባኝ ነገር አለ። ኪራይ 36 ደርሶ ቁጠባ 6 ከሆነ ችግሩ ሥዕሉ ሳይሆን ቤቱ ነው። አነስ ያለ ቤት ለምን አትፈልጉም?

ማስታወሻ ያዥ
ወንድሜ፣ እሱን እኔና ባለቤቴ እንነጋገርበታለን። ለመነጋገር ግን መጀመሪያ ሁለታችንም በትክክል የምናየው ሥዕል ያስፈልገናል። የጠየቅሁት ስለዚያ ነው።

የሦስት ልጆች እናት
እኛ ቤት በጀቱን በክብ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ለልጆቼ በቁጥር ስነግራቸው አልገባቸውም ነበር። ክቡን ሲያዩ ግን ኪራይና ምግብ አንድ ላይ ከግማሽ በላይ እንደሚይዙ ያለ አስረጂ ተናገሩ። የአታላይነት ታርጋ እንዲለጠፍበት አልፈቅድም። ልጆቼን ያስተማረ ሥዕል ነው።

ቀጥ ያለ መስመር
እህቴ፣ ልጆች ወደዱት ማለት በትክክል አነበቡት ማለት አይደለም። ደግሞም ወፍራም ተደርጎ፣ ወደ ኋላ ተጋድሞ የተሠራ ክብ ከሆነ ከፊት ያለው ክፍል ጎኑ ጭምር ስለሚታይ ከልኩ በላይ ይገዝፋል።

የሦስት ልጆች እናት
የእኔ ጠፍጣፋ ነው። ባላየኸው ሥዕል አትፍረድ።

የቆጠራ ሰው
እናት ያሉት በትክክል የክቡ ጥንካሬ ነው። ሩብ፣ ግማሽና ሦስት አራተኛ በክብ ላይ ዓይን ሳይደክም የሚያገኛቸው ቦታዎች ናቸው። ከላይ ከመካከል ጀምራችሁ በሰዓት አቅጣጫ ኪራይን፣ ቀጥሎም ምግብን ብታስቀምጡ፣ የአምናው 65 የግርጌውን ነጥብ አልፎ የግራውን ነጥብ ሳይደርስ ያቆማል። «ከግማሽ በላይ፣ ከሦስት አራተኛ በታች» ለማለት ቁጥር አያስፈልግም። ስፔንስና ሌዋንዶውስኪ የተባሉ ተመራማሪዎችም በ1991 ክፍሎችን ደምሮ ማወዳደር ሲያስፈልግ ክቡ መልካም እንደሚሠራ አሳይተዋል። ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። የሚደመሩት ክፍሎች ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ኪራይና ምግብ መካከል ትራንስፖርት ከገባ ጥቅሙ ይጠፋል።

ሠዓሊው
በዚህ እስማማለሁ። ስለዚህ ለአንድ ዓመት በጀት ክብ፣ አለቀ።

ቀጥ ያለ መስመር
አላለቀም። ጠያቂው ያቀረበው ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ክብ ጎን ለጎን አስቀምጠህ የቁጠባውን 9 እና 6 አሳየኝ። በክቡ ላይ ኪራይ ሲሰፋ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ዞሮ ቦታውን ይቀይራል። በድርብርብ ባር ላይ ግን ቁጠባን ከላይ ካስቀመጥከው አምና ከ91 እስከ 100፣ ዘንድሮ ከ94 እስከ 100 ነው። ሁለቱም የ100ን መስመር ስለሚነኩ መቀነሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የቆጠራ ሰው
ይህን አጥብቄ እደግፋለሁ። የሙሉ መቶ ድርብርብ ባር ሁለት መነሻዎች አሉት፤ አንዱ ከታች፣ ሌላው ከላይ። ጠያቂው የሚያሳስበው ኪራይና ቁጠባ ከሆነ አንዱን ከግርጌ፣ ሌላውን ከአናት ያድርግ። ሁለቱም በትክክል ይነበባሉ።

ሠዓሊው
በመካከል የቀሩት አራቱስ? ምግብ ጨመረ ብለን እንደገና እንድንሳሳት ነው? ሁለቱን ለማዳን አራቱን መስዋዕት ማድረግ ነው። ይህንን «ትክክለኛ»፣ ክቡን «አታላይ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሦስት ልጆች እናት
አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ባለፈው አንድ ወር ከገቢያችን በላይ አውጥተን ተበደርን። ክቡን ስሠራ ግን እንደ ወትሮው ሞልቶ ተዘጋ። ብድሩ የትም አልታየኝም።

የቆጠራ ሰው
ከዚህ ውይይት ሁሉ ከባዱ ነገር ይህ ነው። ክብ ሁልጊዜ ይዘጋል፤ የሰጣችሁትን ሁሉ ሙሉ ያደርገዋል። ገቢያችሁ 100 ሆኖ ወጪያችሁ 106 ቢሆን፣ ክቡ 106ን እንደ ሙሉ ይወስዳል። ከገቢያችሁ 36 የወሰደው ኪራይ ከወጪው ሲሰላ 34 ሆኖ ይወጣል። በተበደራችሁበት ወር ኪራዩ የቀለለ ይመስላል ማለት ነው። ቁጠባው ከዜሮ በታች ነው፤ ከዜሮ በታች የሆነ ቁራጭ ደግሞ በክብ ላይ የለም።

ቀጥ ያለ መስመር
ይኸው! ባር ቢሆን ከመስመሩ አልፎ ይታይ ነበር።

የቆጠራ ሰው
የትኛው ባር እንደሆነ ለይ። ኤክሴል ላይ `100% Stacked Column` የሚለውን ከመረጥክ እሱም 106ን ወደ መቶ ጨምቆ ልክ እንደ ክቡ ይደብቀዋል። `Stacked Column` የሚለውን መርጠህ፣ ወጪውን ከገቢው መቶኛ አስልተህ፣ በ100 ላይ የገቢ መስመር ካሰመርክ ብቻ ነው ባሩ መስመሩን አልፎ የሚወጣው። ድርሻው ከገቢ ነው ወይስ ከወጪ የሚለውን ሳይወስን ቅርጽ የሚመርጥ ሰው በሁለቱም ይሳሳታል።

ጥያቄ አለኝ
ታዲያ ሰንጠረዥ ለምን አይበቃም? ስድስት ቁጥር ነው።

ሠዓሊው
ስድስት ቁጥር ለአንተ ይበቃሃል። ግድግዳ ላይ ለሚያየው ልጅ አይበቃም።

ማስታወሻ ያዥ
እኔ ወስኛለሁ። ከባለቤቴ ጋር የምንወያየው ስለ ለውጡ ስለሆነ ሁለት ድርብርብ ባር እሠራለሁ፤ ኪራይ ከግርጌ፣ ቁጠባ ከአናት። በየክፍሉ ውስጥም ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ምግብ 34፣ ምግብ 33 ተብሎ ከተጻፈ ማንም ጨመረ አይልም። አሠልጣኙን ግን አሁንም አልተቀበልኩትም።

ቀጥ ያለ መስመር
ውሳኔህ ራሱ የአሠልጣኙ ምክር ነው።

ማስታወሻ ያዥ
አይደለም። እሱ ስለ ቅደም ተከተሉ፣ ስለ ገቢው መስመርና ስለ ምግቡ አንድም ቃል አልተናገረም። እሱ እንዳለው ዝም ብዬ ብሠራው ኖሮ «ምግብ አብዝተናል» ብለን ከገበታችን ልንቀንስ ነበር።

ሠዓሊው
ቁጥሩ በየክፍሉ ከተጻፈ ደግሞ ክቡም ተመሳሳይ ዕድል ይገባዋል። 34 እና 31 ተጽፎበት ማን ይሳሳታል? የክቡን ቁጥር ደምስሳችሁ፣ ለባሩ ጽፋችሁ አታወዳድሩ።

ቀጥ ያለ መስመር
ቁጥሩን ማንበብ ግድ ከሆነ ሥዕሉ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

የሦስት ልጆች እናት
ይህን ለባሩም ትለዋለህ?