የምርመራው ውጤት 1:60 አለኝ፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

ቤዛ፦ እህቶቼ፣ አርብ ማታ ነው፣ ክሊኒኩ ተዘግቷል። የአልትራሳውንዱና የደሙ ውጤት አሁን ስልኬ ላይ ገባ። «High Risk 1:60» ይላል፣ ለዳውን ሲንድረም። 36 ዓመቴ ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው፣ 12 ሳምንት ሆኖኛል። ልጄ ታሟል ማለት ነው? ያለሁት ቨርጂኒያ ነው።

የሦስት እናት፦ ማርያም ትቅረብሽ ልጄ። እኔ የመጨረሻዋን በ41 ዓመቴ ነው የወለድኳት፣ ያለዚህ ሁሉ ምርመራ። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት። ስልኩን አስቀምጪና እህል ቅመሺ።

ዳኒ፦ ከ35 በኋላ ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ ውርጃውም ይጨምራል። ይሄ ሀቅ ነው። የዘንድሮ ሴቶች ትምህርት ሥራ እያላችሁ ታዘገዩታላችሁ።

ሚሚ፦ ዳኒ ወንድሜ፣ የጠየቀችው እሱን አይደለም። ቤዚ፣ ኤን አይ ፒ ቲ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ይሠራል፣ ከክንድሽ ደም ብቻ ነው። እኔ በ39 ዓመቴ አሠርቼዋለሁ። እሱ ያለው ቁርጥ ነው፣ ሌላ ምንም አያስፈልግሽም።

አዋላጇ፦ ቤዛ፣ 1:60 ማለት ያንቺ ዓይነት ውጤት ካላቸው 60 እናቶች የ59ኙ ልጅ ዳውን ሲንድረም የለበትም ማለት ነው። ልጅሽ ታሟል የሚል ወረቀት አይደለም። ሁለት ነገር ንገሪኝ። ማጅራቱ ላይ ያለው ፈሳሽ ስንት ሚሊሜትር ይላል? ዕድሜሽስ ስንት ተብሎ ነው የተጻፈው?

ቤዛ፦ ፈሳሹ 1.6 ይላል። ዕድሜ 44 ይላል! የተወለድኩት ጥር 1981 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ወረቀቴ ሲሠራ ዓመቱን ሳይቀይሩ ነው የገለበጡት። ከዚያ ወዲህ በሁሉም ቦታ 1981 ነኝ።

አዋላጇ፦ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ሂሳቡን የሚጀምረው ከእናትየዋ ዕድሜ ነው። በ44 መነሻው ከ40 አንድ ገደማ ነው። በ36 ግን ከ300 አንድ ገደማ። ከዚያ የአልትራሳውንዱንና የደሙን ውጤት ይጨምርበታል። ያንቺ ከ40 ተነስቶ 60 ላይ ደረሰ። ስለዚህ አልትራሳውንዱና ደምሽ አንድ ላይ ሲታዩ ያገዙሽ እንጂ የጎዱሽ አይመስለኝም። ፈሳሹም ጥሩ ነው፤ 3.5 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እንነጋገር ነበር። ሰኞ ጠዋት ደውዪና «የትውልድ ዓመቴ ተሳስቷል፣ በ1989 እንደገና አስሉልኝ» በያቸው። አዲስ ደም አያስፈልግም፣ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚቀይሩት።

ሚሚዬ፣ ስለ ኤን አይ ፒ ቲ ግማሹ ልክ ነው። ለዳውን ሲንድረም ጎበዝ ምርመራ ነው፣ እኔም እንድታሠሪ እመክራለሁ። ግን «አለበት» ቢል እንኳ ቁርጥ አይደለም። ደሙ ውስጥ የሚገኘው ዘረመል የሚመጣው ከእንግዴ ልጁ ነው፤ አንዳንዴ ከሕፃኑ ጋር አይገጥምም። ቁርጡን የሚናገረው በመርፌ የሚወሰደው የእንሽርት ውሃ ነው፣ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ። እሱ ትንሽ የውርጃ ስጋት አለው፣ ከ200 ከአንድ ያነሰ። ስለዚህ በደም ምርመራ ብቻ ማንም ትልቅ ውሳኔ እንዳይወስን።

ሰላም ከአትላንታ፦ ኤን አይ ፒ ቲ አሠሪ፣ ትገላገያለሽ።

ተስፋ፦ ቆይ፣ የትውልድ ዓመትሽን ክሊኒክ ውስጥ ስትቀይሪ ከመታወቂያሽ ጋር አይጋጭም? ኢንሹራንሱስ?

አዋላጇ፦ መዝገቡ ላይ ስምና ቀን ይቀየር አላልኩም። ለሐኪሟ በቃል ትንገራት፣ ለስሌቱ ብቻ። ኢንሹራንሱን እኔ አላውቅም፣ ጠይቂያቸው።

ዳኒ ስለ ግፊት ያልከው እውነት ነው፣ መፍትሔውን ግን አልጻፍክም። ቤዛ፣ 35 ማለፍና የመጀመሪያ እርግዝና አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ሐኪሞች እዚህ አገር ብዙ ጊዜ አነስተኛ አስፕሪን ያዛሉ፣ 81 ሚሊግራም በየቀኑ። ከ16ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር ይመረጣል። ሰኞ ይሄንንም ጠይቂ፣ ራስሽ ግን እንዳትጀምሪ። ወደ ኋላ ላይ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ማጭበርበር ወይም ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከመጣ ሰኞን አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ።

ቤዛ፦ እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ለባለቤቴ አነበብኩለት። ከቁም ሳጥን ውስጥ የክርስትና ካርዴን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፣ ሰኞ ይዤው ልሄድ።

ፌቨን፦ እኔም ወረቀቴ ላይ 6 ዓመት ተጨምሮብኛል! ግን 20 ሳምንት ሆኖኛል። አሁንም ማስተካከል ይቻላል?

አዋላጇ፦ ያ ስሌት የሚሠራው እስከ 13ኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ በተወሰደው ነው። ያኔ አሠርተሽ ከሆነ አሁንም ያስሉልሻል። ካላሠራሽ የ20ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ አለሽ። እሱ ልቡንና አከርካሪውን ነው የሚያየው፣ ዕድሜሽን አይጠይቅም። የመቼ ቀጠሮ አለሽ?