ከዐውደ ርዕዩ የመጡት ስሞች፦ ለማን በግል እንደውል? (የጋራ ሐሳብ ረቂቅ)

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከቅዳሜው ዐውደ ርዕይ የመጡትን ስሞች አንድ ሰንጠረዥ ላይ አሰባስቤያለሁ። የመጡት ከአራት ቦታ ነው፦ ጠረጴዛችን ላይ ከነበረው መመዝገቢያ፣ ከቢዝነስ ካርዶቹ፣ ሰዎች በስልካቸው ከሞሉት ፎርም እና ከዕጣው ሳጥን። በጠቅላላው 210 መስመር ሆኗል። ለሥራ አስፈጻሚው የምናቀርበው ሐሳብ ረቡዕ መድረስ ስላለበት መነሻ ረቂቅ ላስቀምጥ።

ስሞቹ በሦስት ምድብ ይከፈሉ። ለአንደኛው ምድብ ከመካከላችን አንድ ሰው በግል ይደውል ወይም ይጻፍ። ለሁለተኛው አጠር ያለ፣ በስሙ የተላከ ኢሜይል ይድረሰው። ለሦስተኛው የምስጋና መልእክት ይበቃል። ማን የት ይግባ የሚለውን ግን ብቻዬን መወሰን አልፈልግም።

የሕዝብ ግንኙነት፦ ጥሩ መነሻ ነው። እኔ ነጥብ እንስጥ ባይ ነኝ። ዳይሬክተር ወይም ሥራ አስኪያጅ ከሆነ 3፣ ባለሙያ ከሆነ 1። ከትልቅ ድርጅት ከመጣ 2። ቆሞ ካነጋገረን 2። ስልክና ኢሜይል ሁለቱንም ከሰጠ 1። ስድስትና ከዚያ በላይ ያገኘ አንደኛ ምድብ ይግባ፣ ከሦስት እስከ አምስት ያገኘ ሁለተኛ። እንዲህ ከሆነ ትውውቅ አይገባበትም፣ ማንም «የእኔን ሰው ለምን ጣላችሁት» አይልም።

የዐውደ ርዕይ አስተባባሪ፦ ትውውቅ እንዳይገባ ያሰብከው ትክክል ነው። ነጥቡን ግን በሁለት እውነተኛ ሰዎች ላይ ሞክሬ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፤ ስማቸውን ትቼዋለሁ።

አንደኛው የትልቅ መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ናቸው። እየተጣደፉ መጡ፣ ብሮሹር አነሡ፣ ካርዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ሄዱ። ከማናችንም ጋር አልተነጋገሩም። በአንተ ስሌት 3 ሲደመር 2 ሲደመር 1፣ ስድስት ነጥብ ነው። አንደኛ ምድብ ገቡ ማለት ነው።

ሁለተኛዋ ከአንዲት ትንሽ ድርጅት የመጣች ባለሙያ ናት። ሥልጠናው ሠራተኞቹ ባሉበት ቦታ፣ በሁለት ግማሽ ቀን ተከፍሎ መሰጠት ይችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሥልጠና ዕቅዳቸውን ለአለቆቿ የምታቀርበው በወሩ መጨረሻ እንደሆነም ነገረችኝ። የይዘቱን ዝርዝር እልክልሻለሁ አልኳት። ስሟ መመዝገቢያው ግርጌ ላይ ጠቦ ነው የተጻፈው፣ ኢሜይልም የላትም። ባለሙያ 1፣ ስላነጋገረችን 2፣ በድምሩ ሦስት። ሁለተኛ ምድብ።

ለዳይሬክተሩ ስንደውል ምን እንላለን? «ካርድ ጥለው ሄደው ነበር» ነው? ለእሷ ግን የምንለው ነገር አለን። ደግሞም ቃል ገብተንላታል። ወሩ ሲያልቅ ዕቅዱ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ብልክላት ምንም አትሠራበትም።

ስለዚህ ነጥብ ከመስጠታችን በፊት እነዚህን ጥያቄዎች እንጠይቅ። ለዚህ ሰው ቃል የገባንለት ነገር አለ? እኛ ልንሰጠው የምንችለውን የተለየ ነገር ጠይቋል? የሚያልፍበት ቀን አለው? የመጀመሪያው ብቻውን አንደኛ ምድብ ያስገባል። የቀሩት ሁለቱ አብረው ከተገኙ እንደዚያው። የሥራ መደብ መጨረሻ ላይ ይታይ።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጆች፣ ትንሽ ግራ ገባኝ። ምድብ ስትሉ የአባልነት መዋጮ ምድብ መስሎኝ ያለፈውን ሰንጠረዥ ሳገላብጥ ነበር። እነዚህ ገና አባል አይደሉም አይደል? ከሆነስ ለምን ለሁሉም አንደውልም? ሰውን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ መከፋፈል አይጥመኝም። ሁሉም እንግዶቻችን ነበሩ።

ጸሐፊ፦ አዎ ጋሼ፣ አባላት አይደሉም። ከመዋጮው ጋር አይገናኝም።

የዐውደ ርዕይ አስተባባሪ፦ ጋሼ፣ አንድ የግል ክትትል በትክክል ከተሠራ ወደ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ማስታወሻውን ማንበብ፣ የተጠየቀውን ማዘጋጀት፣ መደወል፣ ከዚያ የተባለውን ሰንጠረዡ ላይ ማስፈር። 210 ጊዜ 20 ደቂቃ 70 ሰዓት ነው። ፈቃደኛ የሆንነው አምስት ሰዎች ነን፣ በዚህ ሳምንት የምንሰጠው ደግሞ ሁለት ሁለት ሰዓት። በ10 ሰዓት የሚሠራው 30 ሰው ነው። ስለዚህ አንደኛው ምድብ ከ30 አይብለጥ እላለሁ። ከአቅማችን በላይ ከሞላነው ሩጫ ይሆንና «እንደምን አሉ፣ ቅዳሜ ተገናኝተን ነበር» ከማለት አያልፍም። የሚሰማው ሰው ደግሞ ከወረቀት እየተነበበለት እንደሆነ ወዲያው ያውቀዋል።

መከፋፈሉን በተመለከተ ያነሡትን እቀበላለሁ። ምድቡ የእኛን የሥራ ቅደም ተከተል እንጂ የሰዎቹን ክብር አያሳይም። ይህ ሰንጠረዡም ላይ ይታይ። በማስታወሻው ዓምድ ለሰውየው ፊት ለፊት ማንበብ የማንደፍረውን ነገር አንጻፍ። «የሥልጠና ዝርዝር ጠይቃለች» ይጻፍ። «ወሬ ያበዛል» አይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህ ረቂቁ ውስጥ ይግባልኝ። እንዲህ ከሆነ አልቃወምም።

አዲስ አባል፦ የእኔን ገጠመኝ ላንሳ፣ ይጠቅም እንደሆነ። ባለፈው አንድ ሌላ ዝግጅት ላይ ሄጄ ለአንድ ድርጅት ስልኬን ሰጠሁ። በዚያው ሳምንት ከዚያው ድርጅት ሦስት ሰዎች ደወሉልኝ። አንዱ የሌላውን አያውቅም፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። ለሦስተኛው ስልኩን ዘጋሁበት። እኛም አምስት ሆነን ስንደውል እንዲህ እንዳይሆን ምን ይደረግ?

ጸሐፊ፦ ይህን ሰንጠረዡን ስሠራ አይቼዋለሁ። አንድ ሰው ካርድ ሰጥቶ፣ ፎርም ሞልቶ፣ ዕጣም ውስጥ ገብቶ ሦስት መስመር ይዟል። በስም ላስተካክል ብዬ ጀመርኩ፣ አልሆነም። አንዱ ቦታ «ፀሐይ» ተብሎ ሌላው ላይ «ጸሃይ» ከሆነ ኤክሴሉ ሁለት ሰው ነው የሚለው። ስልኩም አንዱ ላይ በአገር መለያ ቁጥር ይጀምራል፣ ሌላው ላይ በዜሮ። ስለዚህ በስልኩ የመጨረሻ 9 አሃዞች አመሳሰልኩ። 210ው መስመር 174 ሰው ሆነ። ስቀላቅል ማስታወሻዎቹን አልሰረዝኩም፣ ሁሉንም አንድ መስመር ላይ አምጥቻቸዋለሁ። ኢሜይል ብቻ የሰጡት በኢሜይሉ ነው የተመሳሰሉት።

የዐውደ ርዕይ አስተባባሪ፦ ግሩም። ለአንድ ስም አንድ ባለቤት ይኑረው። ያነጋገረው ሰው ይደውል። ሁለት ሰው አነጋግሮት ከሆነ ቃል የገባው ይቅደም። ያ ሰው ካልተመቸው ለሌላ ያስተላልፍ፣ አዲሱ ደዋይም ከማን ጋር ተነጋግረው እንደነበር ጠርቶ ይጀምር።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ካርዶቹን ሳገላብጥ ብዙዎቹ ጀርባቸው ባዶ ነው። ማን እንደተቀበለው፣ ምን እንደተባለ የለም። ቅዳሜ የተነገረ ነገር በሳምንቱ መጨረሻ ከአእምሯችን ይወጣል። ጠረጴዛው ላይ የነበርነው አምስታችን ዛሬ ማታ በስልክ ተገናኝተን ካርድ በካርድ እንለፍ። ማንም የማያስታውሰው ሰው በግል አይደወልለት፣ ምክንያቱም የምንለው የለንም። ሁለተኛ ምድብ ይግባና ኢሜይሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀው፦ «ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ምክር አገልግሎቱ ወይስ ስለ አባልነት መረጃ ይፈልጋሉ?» መልስ የሰጠ ወዲያው ወደ አንደኛው ያድጋል። ለዚህ ሦስት አራት ክፍት ቦታ ብንተው አይከፋም።

የሕዝብ ግንኙነት፦ ሁለቱን ምሳሌዎች ሳይ ነጥቡ ብቻውን እንደማይበቃ ገብቶኛል። ግን ጨርሶ አይጣል። ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ያሉትን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ እንጠቀምበት። አንደኛው ምድብ ከ30 ካለፈም ለመለየት ይረዳል።

የዐውደ ርዕይ አስተባባሪ፦ እዚያ ላይ ይሠራል። ቃል የተገባላቸው ግን በነጥብ አይወጡም። እነሱ ብቻቸውን ከ30 ካለፉ ተጨማሪ ሰው እንፈልግ።

የሕዝብ ግንኙነት፦ እስማማለሁ። የዕጣው ሳጥንስ? ስልካቸውን ሰጥተውናል። ወርኃዊ መልእክታችን ላይ እንጨምራቸው።

የዐውደ ርዕይ አስተባባሪ፦ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡት። «ዕጣ ሲወጣልዎ እንድንደውልልዎ» ነው የሚለው። ስልካቸውን የሰጡት ለዚያ ነው። ወርኃዊ መልእክት እንዲደርሳቸው አልተጠየቁም፣ አልፈቀዱም። አንድ የምስጋና መልእክት እንላክ፣ ከፈለጉ እንዴት እንደሚመዘገቡ እንንገራቸው፣ እዚያ ላይ እንቁም። ፎርሙ ላይ ፈቃዱን ምልክት ያደረጉትን ግን መጨመር እንችላለን።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ አንድ መልእክትም ይበዛል እላለሁ። ዕጣው ለወጣላቸው ይደወል፣ ለሌሎቹ ምንም አይላክ። አጭር መልእክትም ቢሆን ገንዘብ ያስወጣል።

የሕዝብ ግንኙነት፦ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ ማለትማ አይበዛም።

ጸሐፊ፦ ይህኛውን ሥራ አስፈጻሚው ይወስን፣ ሁለቱንም ሐሳብ አስቀምጣለሁ። እስካሁን የተስማማንበት ይህ ነው፤ ያልተመቸው ይናገር።

አንደኛ ምድብ ከ30 አይበልጥም። ቃል የተገባላቸው ይቀድማሉ፣ ቀጥሎ የተለየ ነገር ጠይቀው ቀን ያላቸው። ሐሳቡ በጸደቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ይደወልላቸዋል። የተገባ ቃል ግን ማጽደቂያ አይጠብቅም፣ አሁኑኑ ይፈጸማል። እያንዳንዱ ስም አንድ ባለቤት አለው። ሁለተኛው ምድብ አንድ ጥያቄ ያለበት ኢሜይል ይደርሰዋል፣ ለየብቻ ይላካል፣ የአንዱ አድራሻ ለሌላው አይታይም። ጋሼ እንዳሉት፣ ማስታወሻው ላይ ለሰውየው ፊት ለፊት ማንበብ የማንደፍረው ነገር አይጻፍም። ስልክ ያልተነሣለት ሰው ስንት ጊዜ ይደገምለት የሚለው ላይ ገና አልተነጋገርንም።

የሕዝብ ግንኙነት፦ ዳይሬክተሩን እንዲሁ መተው ግን ይከብደኛል። ሊቀመንበራችን በስማቸው አጭር ደብዳቤ ቢጽፉላቸውስ? ከ30ው ውስጥ አይቆጠር።

የዐውደ ርዕይ አስተባባሪ፦ ሊቀመንበሩ ጊዜ ካላቸው እኔ ምን ቸገረኝ። የእኛን ሰዓት ግን አይንካ። ለልጅቷ የሥልጠናውን ዝርዝር ዛሬ በቴሌግራም እልክላታለሁ፣ ነገ እደውላለሁ።

አዲስ አባል፦ ካርዶቹን ፎቶ እያነሣሁ ነው። ጀርባው ላይ «ማክሰኞ» ብቻ የተጻፈበት አንድ ካርድ አለ። የማን ጽሕፈት ነው?

የሕዝብ ግንኙነት፦ የእኔ ነው። ማክሰኞ ደውልልኝ ብሎኝ ነበር፣ እሺ ብዬዋለሁ። ስለ ምን እንደነበር ግን አሁን ሊመጣልኝ አልቻለም።

የዐውደ ርዕይ አስተባባሪ፦ እሺ ካልከው አንደኛ ምድብ ነው፣ ባለቤቱም አንተ ነህ። ማክሰኞ ነገ ነው። ስትደውል «ቅዳሜ ያነሡልኝን ጉዳይ ከእርስዎ ልስማው ብዬ ነው» በል። ከሁሉ በፊት ግን ስሙን ሰንጠረዡ ላይ አስገባው።