የዕቅድ ውይይት፦ የእድሮች የቆዳ ምርመራ ረቂቅ፣ መስመር 7 ያልተዘጋ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ዓላማው ያው አምና የተነጋገርንበት ነው፦ ከየእድሩ ሁለት ሁለት ሰው አሠልጥነን፣ በስጋ ደዌ የሚጠረጠረውን፣ ቆዳው ነጣ ብሎ የደነዘዘበትን ሰው በጥጥ ነክተው ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ። ሥልጠናው ሁለት ቀን፣ ጠቅላላ ወጪው 64,000 ብር። እስከ ዓርብ አስተያየት ያልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ገንዘብ ያዥ፦ መስመር 7 ላይ «ጥጥ፣ 40 ጥቅል» ይላል። ጎጃም ውስጥ ጥጥ በገንዘብ ይገዛል? ባዘቶ የሌለው ቤት የት አለ? ለድንኳኑ ያለ ደረሰኝ የወጣውን ብር ገና አልረሳሁም። ይህ መስመር ካልወጣ አልፈርምም።

የቢቸና ልጅ፦ ጥጥ ከነጭራሹ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ የሚመረምሩት በስክሪብቶ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። የገበሬ ቆዳ ወፍራም ነው፤ በጥጥ ቢነኩት ጤነኛውስ መች ይሰማዋል?

ሲስተር፦ ያየኸው ልክ ነው፤ ቦታው ነው የተለየብህ። ስክሪብቶው ለመዳፍና ለውስጥ እግር ነው፤ እዚያ ቆዳው ስለሚወፍር ጥጥ አይሰማም። እኛ የምንፈልገው ግን ክንድ፣ ጀርባ፣ ጭን፣ መቀመጫ ላይ የወጣውን ምልክት ነው። እዚያ ቀድመው ከሚጠፉት አንዱ ቀላሉ ንክኪ ነው፤ የጠለቀው ግፊት ቆይቶም ይሰማል። በስክሪብቶ ከተጫንከው ሰውየው «ተሰማኝ» ይልሃል፤ አንተም «ደኅና ነህ» ብለህ ትሸኘዋለህ።

ከዳንግላ፦ እንግዲያው ፈትል ይሁን፤ ከልቃቂቱ ቁራጭ ቆርጦ መንካት ነው። ወይም መርፌ፣ መቼም መርፌ የማይሰማው የለም።

ሲስተር፦ ፈትል የተከረረ ነው፣ ይገፋል። መርፌ ደግሞ የደነዘዘውን ቦታ ያቆስላል፤ ሰውም ሲያየው ይሸሻል። ባዘቶ ንጹሕ ከሆነ ይሆናል፣ በዚህ ከገንዘብ ያዥ ጋር አልጣላም። ጫፉን በጣት አሹሎ እንደ ጭራ ማውጣት ነው። ምርመራው ውጭ፣ በቀን ብርሃን ይሁን። መጀመሪያ ዓይኑ እያየ ጤነኛው ቆዳ ላይ ነክተህ «እንዲህ ሲሰማህ ቦታውን በጣትህ ጠቁም» ትለዋለህ። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍን። የጥጡ ጫፍ ትንሽ እስኪታጠፍ ብቻ ንካ፤ አትጥረግ፣ አታንሸራት። አንዴ ጤነኛው ላይ፣ አንዴ ምልክቱ ላይ፣ ተራውንም ጊዜውንም እያዘባረቅህ። በነካህ ቁጥር «ተሰማህ?» ካልከው ሁሉንም «አዎ» ይልሃል፤ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቀን የጠየቅሁትም ለዚህ ነው፤ እጅ ሳይለምደው አይሆንም።

ገንዘብ ያዥ፦ ባዘቶ ይሆናል ካሉ 40 ጥቅሉን ማን ጻፈው?

ጸሐፊ፦ እኔ ነኝ፤ ካለፈው ዓመት ረቂቅ ገልብጬ። የጥጡ ዋጋ ከሻይ ወጪው ያንሳል፤ ሦስት ቀን ሙሉ የምንነታረከው በዚህ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ የማኅበሩ ገንዘብ የሚያልቀው እንዲህ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ነው።

የሞጣ እናት፦ የስድስት ዓመት ልጄ ጉንጩ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነገር አለው፣ ይፈረፈራል። የምዝገባው ቀን መቼ ነው?

ሲስተር፦ እህቴ፣ ምዝገባ ገና አልተጀመረም። የሚፈረፈርና የሚያሳክክ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ቋቁቻም ጭርትም ለምጽም ስሜት አያጠፉም። የስጋ ደዌ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አያሳክክም፣ አያምም። ፊት ላይ ግን ጥጥ አያስተማምንም፤ ፊት ነርቩ ብዙ ስለሆነ ምልክቱ እያለም ሊሰማው ይችላል። ቀን ሳትጠብቂ ጤና ጣቢያ አሳዪው።

የቢቸና ልጅ፦ መድኃኒቱ ነጻ ነው፣ በሽታውም ይድናል። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምን? ሲብስበት ራሱ ይመጣል።

ሲስተር፦ ሲብስበት የመጣው መድኃኒቱን ያገኛል፣ እጁን ግን አያገኝም። አንድ የ35 ዓመት ገበሬ እንውሰድ። ከክርኑ ከፍ ብሎ የመዳፍ ስፋት ያህል ነጣ ያለ ምልክት ወጥቶበታል። ሲያርስ ገላው ሁሉ በላብ ሲታጠብ ያቺ ቦታ ደረቅ ናት፤ ጸጉሯም ሳስቷል። ስለማታመው ይተዋታል። ውሎ አድሮ በክርኑ የውስጥ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ያብጣል፤ በጣት ሲዳስሱት እንደ ገመድ ይንከባለላል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት መደንዘዝ፣ ቀጥሎም መታጠፍ ይጀምራሉ። ከዚያ ወዲያ የጋለ ድስት ቢይዝ፣ የማረሻ እጀታ መዳፉን ቢልጠው አይሰማውም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንት ይገባል። ጣት የሚያሳጥረው ይህ ነው እንጂ በሽታው ራሱ ጣት በልቶ አይደለም።

ይህ ሰው በምልክቱ ጊዜ ቢመጣ፣ ምልክቶቹ እስከ አምስት ከሆኑ ለስድስት ወር፣ ከዚያ ከበለጡ ለአንድ ዓመት መድኃኒቱን ይውጣል። በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሰው መተላለፉ ይቆማል። ነርቩ ከተጎዳ ስድስት ወር ካልሞላው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የነርቩን እብጠት የሚያበርድ ክኒን ሊመልሰው ይችላል፤ ካለፈ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የስጋ ደዌው መድኃኒት ተህዋሱን ይገድላል፣ የሞተ ነርቭ አያስነሳም።

ከዳንግላ፦ መድኃኒቱን ጀምሮ ምልክቱ ቀልቶ ሲያብጥስ? በኛ በኩል «መርዝ ሰጡኝ» ብሎ የሚጥል አለ።

ሲስተር፦ ያ ሪአክሽን ይባላል፣ ሰውነቱ ከተህዋሱ ጋር ሲታገል ነው። መድኃኒቱ አይቋረጥም። ምልክቱ ያበጠበት፣ ክርኑን ወይም ጉልበቱን በጎን የሚያመው፣ ዓይኑ አልገጥም ያለው ሰው በዚያው ቀን ይሂድ። የሽንት መቅላትና የቆዳ መጥቆር ግን ከመድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል። ይህ በሥልጠናው ውስጥ የራሱ ሰዓት ይኑረው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ምልክቱ ብዙ ሆኖ በሁለቱም ጎን ተመሳስሎ ከወጣ ስሜቱ ላይጠፋ ይችላል። ጥጥ ተሰማው ብሎ መመለስ የለም፤ የተጠረጠረ ይላክ፣ የሚወስነው ጤና ጣቢያ ነው።

ሊቀመንበር፦ መልካም። ጥጡ ይውጣ፣ ባዘቶ ከየቤቱ ይምጣ። በተረፈው ብር በየወሩ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች የመኪና ክፍያ እናግዝ። ለደጀንና ለሉማሜ አሠልጣኝ ማን ይሆናል?

የቢቸና ልጅ፦ እኔ ደጀንን እወስዳለሁ።

ከዳንግላ፦ መኪና ካልን፣ እግራቸው ለደነዘዘ ሰዎች ጫማም ይታሰብ። በባዶ እግር ሄደው ሚስማር እየወጋቸው ሳያውቁ የሚያድሩ አሉ። ውስጡ ለስላሳ፣ ያለ ሚስማር የተሰፋ፣ ሰፋ ያለ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ጫማ ይገባኛል፤ ሰው የሚያየው ነገር ነው። 30,000 ለጫማ ይያዝ፣ ሥልጠናው ወደ ግማሽ ቀን ይውረድ።

ሲስተር፦ ጫማው ያስፈልጋል፤ ግን ለጫማ የደረሰ ሰው ቀድሞ ያመለጠን ነው። በግማሽ ቀን 60 ሰው የጥጥ አነካክ አይለምድም። አንድ ሰው ቢያንስ አሥር ገላ ላይ መሞከር አለበት።

ሊቀመንበር፦ ለጊዜው አንድ ቀን ተብሎ ይጻፍ። ጫማው 20,000።

ጸሐፊ፦ ሦስተኛው ረቂቅ ተለጥፏል። ርዕሱ ላይ «የጫማና የመጓጓዣ ድጋፍ» ቀድሟል፤ የቆዳ ምርመራው ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው። የቢቸናው ልጅ ስልክ አያነሳም፤ ደጀን ባዶ ነው።

ሲስተር፦ ደጀንን እኔ እይዛለሁ። ርዕሱን ግን መልሱት።

ገንዘብ ያዥ፦ ባዘቶው ስንት እፍኝ እንደሆነ መስመር 7 ላይ ይጻፍ።