«ዋጋ ቆረጠ» ስንል ቆራጩ ማን ነው?

የጅሬን ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት አባባሎች ላይ ልጠይቃችሁ። ገበያ ላይ «ዋጋ ቆረጡ» እንላለን። የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ደግሞ የአቅርቦትና የፍላጎት መስመሮች «ይቋረጣሉ»፣ ዋጋውም እዚያው «ይረጋል» ይላሉ። «ቆረጠ» እና «ተቋረጠ» እዚህ የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ነው ወይስ በትርጉምም? «ረጋ»ስ «ረከሰ» ማለት ነው?

ሚዛን ያዥ፦ መቁረጥ መወሰን ነው። ቀን ቆረጠ፣ ቁርጡን ንገረኝ እንደምንለው። መርካቶ ብትወርድ «ቁርጥ ዋጋው ስንት ነው?» ስትል ሻጩ የመጨረሻውን ይነግርሃል። ስለዚህ ቆራጩ ሻጭ ነው። «ዋጋው ረጋ» ያሉህ እንደሆነ ደግሞ ቀንሷል ማለት ነው።

መምህሩ፦ ስለ «ቁርጥ» ያልሽው ልክ ነው፤ ቆራጩ ሻጭ ነው ያልሽው ግን ግማሹ ነው። የሁለቱን መስመሮች ሥዕል ካስለመዱት አንዱ እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አልፍሬድ ማርሻል ነበር። በ1890 (እ.ኤ.አ.) ዋጋን የሚወስነው የማምረቻው ወጪ ነው ወይስ የገዢው ጥቅም ለሚለው ክርክር፣ ወረቀቱን የቆረጠው የመቀሱ የላይኛው ስለት ነው ወይስ የታችኛው ብሎ እንደመከራከር ነው ሲል መለሰ። የእኛ «ዋጋ ቆረጡ» በብዙ ቁጥር መነገሩ ለዚህ ነው የተመቸው፤ ሻጭ ብቻውን ጠራ እንጂ አልቆረጠም።

የጅሬን ልጅ፦ መስመሮቹ ራሳቸውስ ምን ያሳያሉ? «ፍላጎት» ስል እኔ የሚታየኝ አምሮት ነው።

መምህሩ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ቃል ላይ ነው። አምሮት አይደለም። ዋጋው ይህን ያህል ቢሆን ስንት ትገዛለህ የሚለው ዝርዝር በሙሉ ነው። ቁጥሩን ለማስረዳት እፈጥራለሁ፤ የአንድ ቀን የአቮካዶ ገበያ እንበል። ኪሎው 20 ብር ቢሆን ገዢዎች በድምሩ 50 ኩንታል ይወስዳሉ፣ በ30 ብር 40 ኩንታል፣ በ40 ብር 30፣ በ50 ብር 20። አምጪዎቹ ደግሞ በ20 ብር 10 ኩንታል ብቻ ያወርዳሉ፤ ለቃሚና ጫኚ ተከፍሎ አያዋጣምና። በ30 ብር 20፣ በ40 ብር 30፣ በ50 ብር 40 ኩንታል ያመጣሉ። ዋጋን በቋሚው ዘንግ፣ መጠንን በአግድሙ አድርገህ ነጥቦቹን አያይዝ። የገዢው መስመር ወደ ታች፣ የሻጩ ወደ ላይ ይሄዳል፤ 40 ብርና 30 ኩንታል ላይ ይገናኛሉ።

ሚዛን ያዥ፦ እሺ፣ ግን ሻጮቹ ተስማምተው 50 ቢሉስ?

መምህሩ፦ ይበሉ። 40 ኩንታል ይወርዳል፣ 20 ይሸጣል፣ 20 መሬት ላይ ያድራል። የበሰለ አቮካዶ ደግሞ ቀን አይሰጥም። በጣትሽ ጫን ስትይው ልጣጩ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ነገ የሚገዛው የለም። መጀመሪያ የሚቀንሰው የለሰለሰበት ነው፤ 48 ይላል፣ ጎረቤቱ 45። ስምምነቱ የሚፈርሰው በምክር አይደለም፣ በለሰለሰው ፍሬ ነው። በ30 ብር ቢጀመር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ 40 ኩንታል ፈላጊ ለ20 ኩንታል ይሻማል። ከረፋዱ በኋላ የመጣ ባዶ መደብ ያገኛል፣ አንዱ ገዢ «ለእኔ ይሁን፣ 35 ልክፈል» ይላል። 40 ላይ ግን ለመቀነስም ለመጨመርም የሚገፋ ሰው የለም። «ረጋ» ማለት ይህ ነው፤ ወተት ረጋ፣ ውሃው ረጋ እንደምንለው። ርካሽ መሆን የለበትም፤ ተወዶም ሊረጋ ይችላል።

ሚዛን ያዥ፦ ይሁን። ሰሞኑን ግን ሰው «ዋጋው ረጋ አለ» የሚለው ከወጣበት ሲወርድ ነው፤ የሰው አነጋገርም ትርጉም ነው።

የጅሬን ልጅ፦ አንድ ልጨምር። ዝናብ መንገዱን አበላሸና ዋጋው ወደ ላይ ወጣ እንበል። ሰው ያንሳል፣ ፍላጎት ቀነሰ፤ ታዲያ ዋጋው መልሶ አይወርድም?

መምህሩ፦ የ«ፍላጎት» ቃል ያጠመደህ እዚህ ነው። በየዋጋው ከድሮው 10 ኩንታል ያነሰ መጣ እንበል፤ በ40 ብር 20 ብቻ፣ በ50 ብር 30። የሻጩ መስመር በሙሉ ወደ ግራ ተነሣ። የገዢው ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም፤ በ40 ብር ዛሬም 30 ኩንታል ይፈልጋል። አዲሱ መገናኛ 45 ብርና 25 ኩንታል ነው። የሚገዛው ከ30 ወደ 25 ወረደ፤ የወረደው ግን በዚያው በድሮው መስመር ላይ ተንሸራቶ ነው። «ፍላጎት ቀነሰ» የሚባለው ሰው በዚያው ዋጋ ያነሰ መግዛት ሲጀምር ነው፤ ጾም ሲገባ የሥጋ ገበያ እንደሚሆነው። የአንተ ጥያቄ ሁለቱን አንድ ስላደረጋቸው ዋጋው ወጥቶ መልሶ የሚወርድ መሰለህ። 10 ኩንታል ጎድሎ የሚሸጠው ግን በ5 ብቻ መቀነሱን ልብ በል፤ የተወደደው ዋጋ ከየጓሮው ተጨማሪ ፍሬ ጎትቶ አምጥቷል።

ጀንፈል ነጋዴ፦ ይህ ሁሉ ለአቮካዶ ይሁን። እኔ ቡና ነው የምሸጠው፣ በፈረሱላ። ጅማ ውስጥ ቡና የማይጠጣ የለም፣ አዝመራውም እንደ ወትሮው ነው፣ ግን ዋጋው ይወርዳል። መስመሩ የት ሄደ?

መምህሩ፦ መስመሩ አለ፣ የተሣለው ግን ጅማ ላይ አይደለም። የአረቢካ ዋጋ መነሻው ኒውዮርክ የሚደረገው ግብይት ነው፤ ትልቁ አምራች ደግሞ ብራዚል ናት። በሐምሌ 1975 (እ.ኤ.አ.) ብራዚል ላይ ውርጭ ወርዶ ዛፉን ሲያቃጥል የዓለም ዋጋ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ጅማ ላይ አንድ ቅጠል ሳይነካ። ብራዚል በደህና ባመረተች ጊዜም የአንተ ፈረሱላ ይወርዳል። በመካከል የአቅራቢው፣ የመጓጓዣውና የምንዛሬው ነገር አለ፤ የጎደለው በየትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ አልነግርህም። ገበያውን ሳትወስን መስመር ብትሥል ግን ሁልጊዜ ይዋሻል።

ጀንፈል ነጋዴ፦ እንግዲያው «ገበያው ቆረጠው» የምንለው ከእኛ ገበያ ውጭ ያለውን ነው።

ከቆጪ፦ ቋንቋው ላይ ልመለስ። በኦሮምኛም «ፌዺ» ነው የሚባለው፣ እሱም መፈለግ ነው፤ ችግሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። «ዺዬሲ» ግን ማቅረብ፣ ከ«አቅርቦት» ጋር አንድ ሐሳብ ነው። ለመሆኑ «ፍላጎት» ትተን «ሽመታ» ብንልስ? ሸማች የምንለው ከዚያው ነው፤ ገንዘብ ይዞ መውጣትን ይጨምራል።

መምህሩ፦ ወድጄዋለሁ፣ ግን ሽመታ የተፈጸመ ግዢ ይመስላል። እኛ የምንፈልገው ዝርዝሩን ነው፤ በ50 ብር ቢሆን፣ በ20 ቢሆን የሚለውን።

ሚዛን ያዥ፦ ሽመታ ደግሞ እህል ነው። አቮካዶ ሸመትኩ የሚል አልሰማሁም።

ከቆጪ፦ እኔ ሰምቻለሁ፤ ጎመንና ድንችም ጨምሮ። ያም ሆኖ «ይቋረጣሉ» የሚለው አልጣመኝም፤ መብራት ተቋረጠ ይመስላል። «ይገናኛሉ» ይሻላል።

የጅሬን ልጅ፦ መቀሱን ልተወው እንዴ? ሁለት ስለቶች ሳይተላለፉ የሚቆርጡት ነገር የለም። «ይቋረጣሉ» ይቆይልኝ።